የልገሳው ገንዘብ የት ደረሰ? ለለጋሽ የሚጻፍ የሂደት ሪፖርት

የሂደት ሪፖርት ኢሜይል አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ለሰጠው ሰው ሥራው ገና በመካሄድ ላይ ሳለ የሚልከው መልእክት ነው። ያመሰግናል፤ ገንዘቡ እስከዚያ ቀን ድረስ ምን እንደሠራም ያሳያል። ከደረሰኝ ጋር አንድ አይደለም። ደረሰኝ ገንዘቡ ገቢ መሆኑን ብቻ ይመሰክራል። በአሜሪካ ለምሳሌ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ልገሳውን ከሚታሰብበት ግብር ላይ ለማስቀነስ ከፈለገ፣ የሰጠውን መጠንና በምላሹ ዕቃ ወይም አገልግሎት ማግኘት አለማግኘቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ከድርጅቱ መቀበል አለበት። በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ኖሮ ለትውልድ ቀዬው ገንዘብ የሚያዋጣ ኢትዮጵያዊ ይህን ወረቀት ግብር በሚያስገባበት ወቅት ይፈልገዋል። ለሂደት ሪፖርት ግን እንዲህ ያለ የሕግ ግዴታ እምብዛም አይገኝም። ትልልቅ ለጋሽ ተቋማት ሪፖርቱ መቼና በምን ቅጽ እንደሚቀርብላቸው በውል ያስገባሉ። ግለሰቡ የሚደርሰው ድርጅቱ ሊጽፍለት የወደደውን ነው፤ አንዱ ሁለት ገጽ ምስጋና፣ ሌላው አንድ ፎቶግራፍ፣ ጥቂቱ ደግሞ እውነተኛ ሪፖርት ያገኛል።

እውነተኛው ሪፖርት ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ መከተል ይቻላል። በአሜሪካ የምትኖር አንዲት ወይዘሮ በአማራ ክልል ደጋ ውስጥ ባለች አንዲት መንደር የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት የውሃ ጉድጓድ እንዲሠራ 6,000 ዶላር ሰጠች እንበል። ድርጅቱም ሆነ አኃዞቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው፤ የሚገጥሙት ጥያቄዎች ግን የመስኩ ሠራተኞች በየዓመቱ የሚያውቋቸው ናቸው። የሥራው ዕቅድ የተጻፈው በሰኔ 2016 ሲሆን ገንዘቡ የገባው በጥቅምት 2017 ነው። ቁፋሮው በየካቲት ተጀምሮ ፓምፑ በግንቦት መጀመሪያ ላይ ተተከለ። ሪፖርቱ በሰኔ 2017 ተላከ።

መጀመሪያ የሚነበበው የኢሜይሉ ርዕስ ነው። የአማርኛ የሥራ ደብዳቤ «ጉዳዩ፦» የምትል መስመር ስላለችው ጸሐፊው ይህን ልማድ ወደ ኢሜይሉ ቢያመጣው ይጠቅመዋል። «የምስጋና መልእክት» የሚል ርዕስ ምንም አይነግርም። «ጉዳዩ፦ በልገሳዎ የተቆፈረው ጉድጓድ ከግንቦት 4 ጀምሮ ውሃ እየሰጠ ነው» የሚለው ግን ኢሜይሉን ለመክፈት ጊዜ ያጣች ሰው እንኳ ዋናውን ነገር እንድታውቅ ያደርጋል። በሌላ በኩል የአማርኛ ደብዳቤ አንድ የሚያስቸግር ልማድ አለው፤ የጤና ጥያቄውና የአክብሮት ቃላቱ ረዝመው ወደ ቁም ነገሩ ከመደረሱ በፊት ገጹ ያልቃል። ሰላምታው መቅረት የለበትም፤ በተለይ ለጋሿ በዕድሜ የገፉ ከሆኑ ያለ እሱ ደብዳቤው ሻካራ ይሆናል። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ይበቃዋል።

ምስጋናውም የሚያምረው ነገሩን ሲነካ ነው። «ለወገን ደራሽ ስለሆኑ በሕዝቡ ስም እናመሰግናለን» የሚለው ቃል ለማንም ሊላክ ይችላል። በምሳሌያችን ያለው ድርጅት እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «ውድ ወይዘሮ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ጥቅምት ለመንደሩ ጉድጓድ 6,000 ዶላር ሰጥተውን ነበር። ያኔ እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ ጉድጓዱን ጨርሰን ፓምፕ እንደምንገጥም ቃል ገብተንልዎት ነበር። ሥራው ተጠናቋል፤ ስለ ስጦታዎ ከልብ እናመሰግናለን። ከዚህ በታች ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ፣ ምን እንደተለወጠና ምን እንደቀረ እንገልጻለን።» እዚህ ምስጋናው ከተገባው ቃል ጋር ተያይዟል። ለጋሿ የሰጠችውን መጠን፣ የሰጠችበትን ጊዜና የተነገራትን ነገር ከማስታወሻዋ ሳትፈልግ ታገኛለች፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም በዚያ ትመዝነዋለች።

ከዚያ የገንዘቡ ነገር ይመጣል። ብዙ ድርጅቶች ይህን ክፍል በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ከባዱ ክፍል ግን እሱ ነው። ገንዘቡ የተሰጠው በዶላር ሲሆን የሚወጣው በብር ነው። ዕቅዱ በተጻፈበት ሰኔ አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ይመነዘር ስለነበር 6,000ው ዶላር 342,000 ብር ተብሎ ታስቧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ገንዘቡ በጥቅምት ሲገባ አንዱ ዶላር በ110 ብር ተመነዘረ እንበል። የካርድ ክፍያ 180 ዶላር ተቀንሶ የቀረው 5,820 ዶላር 640,200 ብር ሆነ፤ ይህም ከታሰበው እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። በሌላ በኩል ሲሚንቶ፣ ብረትና ከውጭ የሚገባው ፓምፕ ተወድዋል። ሥራው ሲያልቅ የወጣው ገንዘብ 428,000 ብር ሆነ፤ 212,200 ብር ተረፈ።

ድርጅቱ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ሲታይ ማንነቱ ይታወቃል። ትርፉን ሳይናገር ወደ ሌላ ሥራ ማዞር ቀላል ነው፤ ለጋሿ የምታየው ጉድጓዱን ነውና አትጠይቅም። ነገር ግን ገንዘቡ የተሰጠው ለተወሰነ ዓላማ ነው። ዓላማው ከተፈጸመ በኋላ የቀረው ለሌላ ነገር የሚውለው በሰጪዋ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ የምንዛሪውን ታሪክ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተርኮ የቀረውን መጠን በግልጽ ይጽፋል፤ ከዚያም የተወሰነ ሐሳብ ያቀርባል፦ «የቀረው 212,200 ብር ለሁለተኛ ጉድጓድ አይበቃም። በአጎራባቹ ጎጥ ያለውን ምንጭ በግንብ ለማጎልበት ግን ይበቃል። ቢፈቅዱ ለዚያ እናውለዋለን፤ ካልፈቀዱ ለዚሁ ጉድጓድ ጥገና በባንክ እናስቀምጠዋለን።» ለጋሿ የምትመልሰው «እሺ» ወይም «አይሆንም» ብቻ ነው። መልሷ በጽሑፍ ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል።

የወጣው ገንዘብም በጥቅል አይተውም። ለዕቃና ለፓምፕ 196,000 ብር፣ ለቆፋሪዎችና ለግንበኛ 118,000፣ ለመጓጓዣ 44,000፣ ለውሃ ምርመራና ለኮሚቴ ሥልጠና 28,000፣ ለድርጅቱ አስተዳደር 42,000 ብር። አምስት መስመር በቂ ነው፤ የየደረሰኙ ዝርዝር በኢሜይል አካል ውስጥ አይገባም፣ ለጠየቀ ይላካል። ብዙዎች ሊደብቁት የሚፈልጉት የመጨረሻውን መስመር ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይና የኦዲተር ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ለለጋሽ መንገር ያሳፍራቸዋል። የኢትዮጵያ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ይህም ወጪው በራሱ ነውር እንዳልሆነ ያሳያል። በምሳሌያችን ያለው 42,000 ብር ከወጣው ገንዘብ አሥር በመቶ ገደማ ነው። «መቶ በመቶ ለሥራው ይውላል» የሚሉ ድርጅቶችም አስተዳደር የላቸውም ማለት አይደለም። እንዲህ በማለት የሚታወቀውና ስኮት ሃሪሰን በ2006 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ያቋቋመው ቻሪቲ ወተር የቢሮ ወጪውን የሚሸፍነው ለዚያ ብለው ከሚሰጡ ሌሎች ሰዎች ነው። የመንደሩ ሰዎች ያዋጡት አሸዋ፣ ድንጋይና ጉልበትም በገንዘብ ቢተመን እንኳ ከለጋሿ ብር ጋር ተደምሮ አይቀርብም፤ ለብቻው ተጠቅሶ ባለቤቱ ይታወቅለታል።

ቀጥሎ የውጤቱ ጉዳይ አለ። የሪፖርት ጸሐፊ በቀላሉ የሚስተው የተሠራውን ሥራ ከመጣው ለውጥ ጋር ማደባለቁ ነው። ጉድጓድ መቆፈሩ፣ ፓምፕ መገጠሙ፣ ሰባት ሰዎች ያሉት የውሃ ኮሚቴ መሠልጠኑ ሥራ ነው። ለውጡ ሌላ ነው፤ ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት የሚያጠፉት ጊዜ አጠረ ወይ? ውሃው ንጹሕ ነው ወይ? በሚያዝያና በግንቦት ይገኛል ወይ? ሥራውን ለማሳየት ፎቶግራፍ ይበቃል፤ ለውጡን ለማሳየት ግን መለካት ያስፈልጋል፤ የሚለካውም ከቁፋሮው በፊት ጀምሮ ነው። ድርጅቱ በጥር ወር ሃያ ቤተሰብ ጠይቆ ደርሶ መልሱ፣ ወረፋውን ጨምሮ፣ በአማካይ 90 ደቂቃ እንደሚፈጅ መዝግቦ ከነበረ በሰኔ እነዚያኑ ቤተሰቦች መጠየቅ ይችላል። መልሱ 25 ደቂቃ ቢሆን ይህ ቁጥር ትርጉም አለው፤ በዓለም አቀፉ የመጠጥ ውሃ መለኪያ መሠረታዊ አገልግሎት የሚባለው ከተሻሻለ የውሃ ምንጭ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ የማያልፍ ነውና። በጥር ያልጠየቀ ድርጅት በሰኔ የሚጽፈው «ሴቶች ከረጅም መንገድ ተገላግለዋል» ብቻ ነው፤ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ማረጋገጫ ግን የለውም።

የተጠቃሚው ብዛትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የተለመደው መንገድ አባወራና እማወራዎችን ቆጥሮ በአምስት ማባዛት ነው። 52 ቤተሰብ በአምስት ሲባዛ 260 ሰው ይሆናል። ችግሩ የመንደሩ ሰው በሙሉ ከፓምፑ ላይቀዳ መቻሉ ነው፤ ወንዝ የሚቀርበው ወደ ወንዝ ይሄዳል። የውሃ ኮሚቴው በየወሩ መዋጮ የሚከፍሉትን በመዝገብ ይይዛልና ከመዝገቡ 41 ቤተሰብ ቢገኝ ሪፖርቱ መጻፍ ያለበት 41ን ነው። «ተዘዋዋሪ ተጠቃሚዎች» የሚባለው ሌላ ስም ደግሞ የወረዳውን ሕዝብ በሙሉ ለማስገባት የሚመች በር ነው። አንድ ጉድጓድ በሺህ የሚቆጠር ሰው አጠጣ የሚል ሪፖርት ሲመጣ ለጋሽ መጠራጠር አለበት፤ የእጅ ፓምፕ እንደየአገሩ ደረጃ ከ250 እስከ 300 ለሚሆን ሰው የሚታሰብ ነው።

የውሃ ጉድጓድ ሪፖርት አንድ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ቀኑ። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ በመስከረም ቢታይ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ አለው፤ ክረምቱ መሬቱን አጥግቦታልና። እውነተኛው ፈተና የከርሰ ምድር ውሃው በጣም የሚወርድበት የበጋው መጨረሻ ነው። ልምድ ያላቸው ቆፋሪዎችም ቁፋሮውን ወደዚያ ወቅት የሚገፉት ለዚህ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውሃ ካገኙ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። ስለዚህ ውሃ ሲፈስ የሚያሳይ ፎቶግራፍ የተነሳበት ቀን ካልተጻፈበት ብዙም አይናገርም። ቀኑም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር መጻፍ አለበት፤ በውጭ አገር የምትኖር አንባቢ «2017» የሚለውን ቁጥር ስታይ ከስምንት ዓመት በፊት የተነሳ ፎቶ ሊመስላት ይችላል።

ንጽሕናው የሚረጋገጠው ናሙና ወስዶ በማስመርመር ነው። በመጠጥ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ምንም መገኘት የለበትም፤ ከተገኘ ሰገራ ወደ ውሃው እየገባ ነው ማለት ነው። በስምጥ ሸለቆ ቢሆን ኖሮ ፍሎራይድም ይታይ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ መጠን አድርጎ ያስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ሪፖርቱ ውጤቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ የላቦራቶሪው ወረቀት በአባሪ ይያያዛል። የፓምፑ አቅም ደግሞ ማንም በሚያውቀው ዕቃ ይለካል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ጊዜ ይሞላል? በግንቦት 1 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ከነበረ ይህ ቁጥር ለወደፊቱ መነሻ ይሆናል።

ማስረጃን በተመለከተ መስኩ መራራ ትምህርት አለው። በ1998 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ትሪቡን የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ልጆችን በወርሃዊ መዋጮ የሚያስረዱ ድርጅቶችን መርምሮ ነበር። ጋዜጠኞቹ ራሳቸው ደጋፊ ሆነው ተመዘገቡና ልጆቹን ሄደው ፈለጉ። ማሊ ውስጥ በስሟ ገንዘብ ሲላክላት የነበረች አንዲት ልጅ ከሞተች ቆይታ ነበር፤ ደጋፊዋ ግን ይህ አልተነገረውም ነበር። ከዚህ የሚወጣው ነገር በአንድ ሰው ታሪክ ላይ የተመሠረተ ሪፖርት ሰውየው ወይም ልጅቷ ያለችበትን ሁኔታ በየጊዜው ሄዶ ማየትን እንደሚጠይቅ ነው። ያን የማይችል ድርጅት ስለ ጉድጓዱ ቢጽፍ ይሻለዋል። የሰው ፎቶ ከገባም ፈቃድ ተጠይቆ፣ ሥዕሉ ወዴት እንደሚሄድ ተነግሮ ነው፤ የሕፃን ፊት፣ ሙሉ ስምና የመኖሪያ ቦታ በአንድ ላይ አይወጣም። የፓምፑን ቦታ በጂፒኤስ መጠቆም ግን ችግር የለውም። ቻሪቲ ወተር ለለጋሾቹ የሚሰጠው የየጉድጓዱን ፎቶና የካርታ ነጥብ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከጎግል 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ፓምፖች መሥራት አለመሥራታቸውን ከሩቅ የሚጠቁሙ መሣሪያዎች ወደ መትከል ሄዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፎቶው የሚያሳየው ያነሱበትን ቀን ብቻ ነው።

ያልተሳካው ነገር በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ ማግኘት አለበት። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ጉድጓድ በ9 ሜትር ላይ አለት ገጥሞት ተትቷል፤ ሁለተኛው ከዚያ 60 ሜትር ርቆ ተቆፍሮ በ14 ሜትር ውሃ ተገኘ። የተተወው ጉድጓድ የሰው ጉልበትና ገንዘብ በልቷል። ኢሜይሉ እንዲህ ሊለው ይችላል፦ «የመጀመሪያው ቦታ የተመረጠው ለመንደሩ ስለሚቀርብ ነበር። አለት ስላጋጠመን ተውነው፤ ለዚህም 37,000 ብር ወጥቷል፤ ይህም ከላይ ከተጠቀሰው ጠቅላላ ወጪ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ሰውና ከብት እንዳይገባበት በአፈር ተደፍኗል።» ሦስት ነገር አለበት፤ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደወሰደ፣ አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ። «በተፈጥሮ አስቸጋሪነት ምክንያት መጠነኛ መዘግየት ገጥሞናል» የሚለው የቢሮ ቋንቋ ከሦስቱ አንዱንም አይናገርም።

መጥፎ ዜና ለጋሽ ያባርራል የሚለው ፍርሃት በስፋት አለ። ቻሪቲ ወተር በ2010 እ.ኤ.አ. ዓመታዊ ዘመቻውን ለመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ አውሎ፣ ሞዓሌ በተባለች መንደር የሚካሄደውን ቁፋሮ ለደጋፊዎቹ ሊያሳይ ተዘጋጅቶ ነበር። ቁፋሮው ከሸፈ። ድርጅቱ የከሸፈውን ቁፋሮ በቪዲዮ አሳየ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ውሃ ማግኘቱንም አሳየ። ከዚያ በኋላም ድርጅቱ እያደገ ነው የሄደው። ይህ አንድ ድርጅት ነው፤ ለሁሉም ማረጋገጫ አይሆንም። ቢሆንም ለጋሽ ውድቀትን የማይችለው ከሌላ ሰው ሲሰማው ነው፤ በተለይ የመንደሩ ዘመድ ስልክ ደውሎ ሲነግረው። ከውጭ አገር የሚሰጡ ኢትዮጵያውያን ይህ ስልክ አላቸው፤ የሪፖርቱ ጸሐፊ ይህን ሁልጊዜ ማሰብ አለበት።

በዚያው ኢሜይል ሌላ ገንዘብ መጠየቅ አይመከርም። አመስግኖ ወዲያው መለመን ምስጋናውን ያኮስሰዋል፤ ጥያቄው ከሳምንታት በኋላ በሌላ ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል። በምትኩ የሚገባው የሚቀጥለው ሪፖርት ቀንና የሚጽፈው ሰው ስልክ ነው። ጉድጓድ በተለይ ተከታይ ሪፖርት ይፈልጋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ የገጠር የውሃ አቅርቦት ትስስር ግምት ከሰሐራ በታች ካሉ የእጅ ፓምፖች ከሦስቱ አንዱ ያህል እንደማይሠራ ያሳያል፤ አንዳንዱ የሚቆመው በርካሽ ጎማ እጦት ነው።

በምሳሌያችን ቀጣዩ ኢሜይል የሚላከው በግንቦት 2018፣ እንደገና በበጋው ጫፍ ላይ ነው። ጀሪካኑ በዚያ ጊዜ 1 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ቢፈጅበት የመስኩ ሠራተኛ ምክንያቱን ሳይጽፍ አይመለስም። ሌሊቱን ካረፈ በኋላ ጠዋት ውሃው እስኪመጣ ብዙ ጊዜ እጀታውን መጫን ካስፈለገ የታችኛው ቫልቭ ያፈሳል፤ ውሃው ጥሩ ጀምሮ ከብዙ ጀሪካን በኋላ የሚቆምና ካረፈ በኋላ የሚመለስ ከሆነ ጉድጓዱ ነው የሳሳው። የመጀመሪያው በኮሚቴው ገንዘብ በአንድ ቀን ይጠገናል፤ ሁለተኛው ጉድጓዱን በበጋ ማጥለቅን ይጠይቃል። ኢሜይሉ የትኛው እንደሆነ፣ ኮሚቴው በሣጥኑ ስንት ብር እንዳለውና ጥገናው መቼ እንደሚያልቅ ይገልጻል። የምንጩም ሥራ ለጋሿ ፈቅዳለት ከተሠራ የ212,200 ብሩ ሒሳብ በዚሁ ይዘጋል፤ የቀረ ሳንቲም ካለም መጠኑና ያለበት የባንክ ሒሳብ ይጻፋል።